0.1 + 0.2 ለምን 0.3 አይሆንም? የአስረኛዎች ድምር በፍሎቲንግ ፖይንት

ፓይተን፣ ጃቫ ወይም ጃቫስክሪፕት ላይ 0.1ን ከ0.2 ጋር የደመረ ሰው 0.30000000000000004 ያገኛል። ሦስቱም ቋንቋዎች እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን፣ ኮምፒውተር ክፍልፋይ ቁጥሮችን የሚይዝበትን የፍሎቲንግ ፖይንት ዘዴ የሚደነግገውን የአይ-ትሪፕል-ኢ 754 መስፈርት ስለሚከተሉ መልሳቸው እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ነው። የቋንቋ ስህተት ወይም የፕሮሰሰር ብልሽት አለመሆኑ ከዚሁ ይታወቃል።

ኮምፒውተር ክፍልፋይን የሚጽፈው በሁለትዮሽ ነው። በሁለትዮሽ የሚያልቅ ክፍልፋይ ደግሞ ታህቱ የ2 ርቢ የሆነ ብቻ ነው፤ 0.5 እና 0.25 ያልቃሉ። አንድ አስረኛ ግን ታህቱ 10 ውስጥ 5 ስላለበት አያልቅም። አንድ ሦስተኛ በአስርዮሽ 0.333… እያለ እንደሚቀጥለው ሁሉ፣ አንድ አስረኛም በሁለትዮሽ 0.000110011… እያለ 0011ን ይደጋግማል። 64 ቢት የሚይዘው ቁጥር (ደብል) ለዋናዎቹ አሃዞች 53 ቢት ብቻ ስላለው ጭራው ተጠጋግቶ ይቆረጣል። ተቀምጦ የሚገኘው ቁጥር 0.1000000000000000055511… ነው። ስክሪኑ ላይ 0.1 የሚታየው፣ ፓይተን ያንኑ ደብል መልሶ የሚያስገኘውን አጭሩን ጽሑፍ መርጦ ስለሚያትም ነው።

እስከዚህ ያለው ብዙ ቦታ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ግን ሌሎች ድምሮች ትክክል መስለው እያለ ይህኛው ለምን እንደሚሳት ነው።

```python
>>> 0.1 + 0.2
0.30000000000000004
>>> 0.1 + 0.3
0.4
```

ከሩብ እስከ ግማሽ ባለው ክልል ውስጥ ደብሎች እኩል በሆነ እርምጃ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ እርምጃው 2⁻⁵⁴ ነው። በዚህ እርምጃ ሲለካ 0.3 በ5404319552844595ኛው ላይ ተቀምጧል። የተቀመጡት 0.1 እና 0.2 ያለ ማጠጋጋት ቢደመሩ ደግሞ የሚደርሱት 5404319552844595.5 ላይ ነው፤ ማለትም በሁለት ደብሎች ልክ መካከል። እንዲህ ሲሆን መስፈርቱ የሚያዘው ወደ ተጋማሹ ቁጥር እንዲጠጋ ነው። የ0.3 ቁጥር በ5 ስለሚያልቅ ኢተጋማሽ ነው፤ ስለዚህ ድምሩ ወደ …596 ይወጣል። ይህም 0.30000000000000004 የምናየው ነው።

0.1 + 0.3 ላይም ያው የመሃል ነጥብ ይገጥማል፤ ውጤቱ 7205759403792793.5 ነው። ተጋማሹ …794 ሲሆን 0.4 የተቀመጠውም እዚያው ላይ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። አንደኛው የሳተው ሌላኛው ያልሳተው በትክክለኝነት ልዩነት ሳይሆን በአጋጣሚ ነው። በ32 ቢቱ ፍሎት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ከ0.3 ጋር እኩል መሆናቸውም እንዲሁ ነው፤ አነስተኛ ቢት የተሻለ ያሰላል ማለት አይደለም።

0.1ን በሉፕ አሥር ጊዜ የሚደምር ሰው ሌላ ነገር ያያል። ሦስተኛው ድምር 0.30000000000000004 ይሆናል፤ አራተኛው ግን ወደ ትክክለኛው 0.4 ይመለሳል። እስከ 0.7 ድረስ ችግር የለም። ከግማሽ በላይ እርምጃው በእጥፍ ሰፍቶ 2⁻⁵³ ስለሚሆን፣ በዚያ እርምጃ ሲለካ 0.1 ሙሉ ቁጥር አይሆንም፤ መጨረሻው ላይ 0.25 ትርፍ አለው። ይህ ትርፍ በየድምሩ ተቆርጦ ይጣላል። ስምንተኛው ድምር ላይ 0.7999999999999999 ይመጣል፣ አሥረኛው ላይ 0.9999999999999999። `while x != 1.0` ብሎ የሚጠብቅ ሉፕም 1.0ን ዘልሎ ማብቂያ ያጣል። ፓይተን ከ3.12 ጀምሮ የ`sum()` አሠራር ስለተሻሻለ `sum([0.1]*10)` በትክክል 1.0 ይሰጣል፤ በእጅ የተጻፈ ሉፕ ግን አሁንም እንደ ድሮው ነው።

ሉፕን የሚያስተካክለው ቆጣሪውን ሙሉ ቁጥር አድርጎ እያንዳንዱን ዋጋ `i / 10` ብሎ ማስላት ነው፤ አንዴ ብቻ ስለሚጠጋ ስህተት አይጠራቀምም። ሁለት ውጤቶችን ለማነጻጸር `math.isclose(a, b)` ይበቃል፤ ነገር ግን ነባሪ መቻቻሉ ከቁጥሮቹ መጠን ጋር ስለሚመዛዘን ከዜሮ ጋር ሲያነጻጽሩ `abs_tol` መስጠት ግድ ነው።

ለገንዘብ ብርን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር መያዝ ቀላሉ መንገድ ነው፤ 10 እና 20 ሳንቲም ሁልጊዜ 30 ናቸው። በ`Decimal` መሥራት የሚመርጥ ደግሞ ቁጥሩን በጥቅስ ውስጥ ይስጠው፦ `Decimal('0.1')`። ያለ ጥቅስ `Decimal(0.1)` ካሉ መጀመሪያ ደብል ሆኖ ስለሚያልፍ ያ የ55511… ጭራ አብሮ ይገባል።