ካንዴላው ብልጭ አለ ማለት ኢግኒሽኑ ደህና ነው ማለት አይደለም

«ባጃጄ ጠዋት ጠዋት እጄ እስኪዝል ብስበው አይነሳም። ሲነሳ ደግሞ ማርሚታው ይተኩሳል። ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ ብልጭታውም ሰማያዊ ነው። ችግሩ የካርቡራተር ነው አይደል?»

ቆይ፣ ካርቡራተሩን አትፍታው። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር የሚያናድደኝ ሁሉም ካርቡራተር ላይ መዝመቱ ነው።

«ማርሚታ ከተኮሰ ቤንዚን በዝቷል።» ሁልጊዜ አይደለም። ቤንዚን ሲያንስም፣ የማርሚታው መጋጠሚያ አየር ሲያስገባም ይተኩሳል።

«ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ኢግኒሽኑ ንጹህ ነው።» ካንዴላውን አውጥተህ ሞተሩ ላይ አስነክተህ ስታየው ብልጭታው በነጻ አየር ውስጥ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር አለ፤ እዚያ ብልጭ ለማለት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ውጭ ያማረው ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። በክረምት ደግሞ የካንዴላው ኮፍያ እርጥበት ሲይዝ ኤሌክትሪኩ በጎን ያፈስሳል። ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነሳና ገመዱን ሳትነካ ተመልከት፤ የሚያፈስስበት ቦታ ብልጭ ብልጭ ሲል ታየዋለህ።

«ሲዲአይ ያለው ሞተር ታይሚንጉ አይዛባም።» በጣም የሚያከስረው ይሄኛው ነው። ሲዲአዩ ብልጭታውን የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነው፤ መቼ ብልጭ እንደሚል የሚነግረው ፒካፑ የሚባለው ሴንሰር ነው። ፒካፑ ደግሞ ምልክቱን የሚያገኘው አጠገቡ ከሚሽከረከረው ማግኔት ነው። ማግኔቱን በትክክለኛው ቦታ የምታስቀምጠው በማግኔቱና በዘንጉ መካከል የገባች ትንሽ የብረት ቁልፍ ናት። የማግኔቱ ብሎን ከላላ ቁልፏ ትቆረጣለች፣ ማግኔቱም ይንሸራተታል። ዘንጉ ቁልፏ ጋ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ የ1 ሚሊ ሜትር መንሸራተት ታይሚንጉን 6 ዲግሪ ገደማ ያዛባል። ብልጭታው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ የሚመጣው ግን ያለ ሰዓቱ ነው። ከዘገየ እሳቱ ሳያልቅ ጭስ ማውጫው ይከፈትና ማርሚታው ይተኩሳል። ከቀደመ ማስነሻው እጅህን ወደ ኋላ ይመታል።

አንድ ደንበኛዬ ካንዴላ፣ ኮይልና ሲዲአይ ገዝቶ ጨርሶ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት ሌላ ጋራዥ ማግኔቱን ፈትቶ ነበር። ፒስተኑን የመጨረሻው ከፍታ ላይ አቁመን ስናየው የማግኔቱ ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር አይገጥምም። ማግኔቱን በማውጫው አወጣነው። ቁልፏ መሃሏ ላይ ደረጃ ሠርታለች፤ ግማሿ ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል። ለአንዲት ትንሽ ቁራጭ ብረት ሦስት ዕቃ ተገዝቷል!

ማግኔት በመዶሻ አይወጣም፤ ይሰነጠቃል። የቁልፏን ጎድጓዳ ቦታ እይ፤ ከሰፋ አዲስ ቁልፍም አይይዝም። ዘንጉንና የማግኔቱን ውስጥ ዘይት እስኪለቅ ጥረግ። ከዚያ ኦሪጅናል ቁልፍ አስገባ፤ ምስማር ቆርጦ መክተት አይሠራም። ብሎኑን መመሪያው በሚለው ልክ አጥብቅ።

ቁልፏ ደህና ሆና፣ ከብልጭታው ጋር እኩል በሚበራው በታይሚንግ ላይት ስታይ ምልክቶቹ ካልገጠሙ፣ ያኔ ፒካፑንና ሲዲአዩን ጠርጥር። ከደህና ባጃጅ ተውሰህ ሞክር እንጂ ቀድመህ አትግዛ። ምልክቱ ገጥሞ፣ ኮፍያውም ደረቅ ሆኖ አሁንም ከተኮሰ፣ ካርቡራተሩን ፍታ።