የማስተማር ፍልስፍና ምንድን ነው? ከልምዳችሁ ለይታችሁ አትናገሩት

ሰሞኑን አንድ መካሪ ለመምህርነት ሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ሰዎችን እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ራሳችሁን በሦስት ደቂቃ አስተዋውቁ ከተባላችሁ፣ አንዱን ደቂቃ ለትምህርት ደረጃችሁ፣ አንዱን ለልምዳችሁ፣ የመጨረሻውን ለፍልስፍናችሁ ስጡ።» ይህን ምክር የሰማሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ጥሩ መምህራን በዚህ ምክር የተነሳ ሥራ ሲያመልጣቸው አይቻለሁ።

ለዓመታት ከጠያቂዎቹ ወገን ተቀምጫለሁ። ያቺ ሦስተኛዋ ደቂቃ ስትደርስ ሁሉም ሰው አንድ ይሆናል። «በተማሪ ተኮር ትምህርት አምናለሁ።» «ሁሉም ልጅ መማር ይችላል።» አባባሉ ስህተት የለበትም። ነገር ግን የፊዚክስም የታሪክም መምህር፣ ትናንት የተመረቀውም 20 ዓመት ያስተማረውም እኩል ሊለው የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ተናጋሪው ምንም አይነግረኝም።

የማስተማር ፍልስፍና ማለት ክፍል ውስጥ ሁለት መንገድ ቀርቦላችሁ አንዱን ስትመርጡ፣ የመረጣችሁበት ምክንያት ነው። ምክንያቱ ያለው ደግሞ እዚያው ሥራው ውስጥ ነው። ለብቻው የሚቆም ደቂቃ የለውም።

ሐኪምን አስቡ። «የሰው ጤና ያሳስበኛል» ቢላችሁ ደስ ይላል፤ ሙያውን ግን አላያችሁም። ሙያው የሚታየው «በሽተኛው እያሳለው መጣ፣ ይህን መረመርኩ፣ ያን መድኃኒት ሳይሆን ይህን የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ ከሳምንት በኋላም መልሼ አየሁት» ሲል ነው። ያልሠራ መድኃኒት ካለ ያንንም ይነግራችኋል። የመምህርም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ መምህር ፊት በአንድ ጊዜ 40 በሽተኛ መቀመጡና የሁሉም ሕመም አንድ አለመሆኑ ነው።

እስቲ አንድ የሒሳብ መምህርት እንዲህ አለች እንበል፦

«አምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ሳስተምር ብዙ ልጆች 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ሠሩ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደመሩ። ደንቡን ልደግምላቸው አሰብኩ። ግን ነግሬያቸው ነበር፣ አልያዘም። ስለዚህ 1/2 + 1/2 ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና በራሳቸው መንገድ ሥሩት አልኳቸው። 2/4 አገኙ። ያ ደግሞ ያው ግማሽ ነው። 'ግማሽ ወረቀት ላይ ግማሽ ብጨምር ግማሽ ይሆናል?' ስላቸው ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀት አጥፈን ስድስት እኩል ቦታ ከፈልን። ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት፣ ድምሩ 5/6። በማግስቱ ሁለት ጥያቄ ሰጠሁ። ከ42 ልጆች 31ዱ አገኙት። የ11ዱን ወረቀት ሳየው፣ የ9ኙ ስህተት መደመሩ ላይ አልነበረም፤ የጋራ ታህት ሲፈልጉ ማባዛት ነው የጣላቸው። ለእነሱ ሌላ ሥራ አዘጋጀሁ።»

«ፍልስፍናዬ» የሚል ቃል አልወጣትም። እኔ ግን ምን እንደምታምን አውቄያለሁ። ስህተት የሚነቀለው ልጁ ራሱ ሲጋጭበት ነው ብላ ታምናለች። ያልገባውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለቷ በፊት ወረቀቱን ታያለች።

ይህ በእርጋታ ሲነገር ሁለት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከፊቱ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታስተምሩና ስንት ዓመት እንደሠራችሁ በግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የቀረውን ሲቪያችሁ ላይ አንብበነዋል። የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ከዚያ ክፍል በኋላ ምን እንደለወጣችሁ የምትናገሩበት ነው። ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። በልብ ሲነበብ ሦስት ደቂቃ የሚመስለው ሲነገር አምስት ይሆናል።

ልምድ የለኝም የምትሉ፣ በተግባር ልምምድ ያስተማራችሁት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። እንዲያውም ያልተሳካው ይሻላል፣ ለምን እንዳልተሳካ ካወቃችሁ።

ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንደኛ፣ በማግስቱ ፈተና ማለፍ መማርን አያረጋግጥም። ጎበዝ ጠያቂ «ከሁለት ሳምንት በኋላስ?» ይላል፤ ካላያችሁት «አላየሁም» በሉ። ሁለተኛ፣ «አንዱ ልጅ በማየት፣ ሌላው በመስማት፣ ሌላው በመንካት ስለሚማር ለእያንዳንዱ በዓይነቱ አስተምራለሁ» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ታዋቂ የጥናቶች ግምገማ ትምህርትን ለእንዲህ ዓይነት ክፍፍል ማስማማት እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ አላገኘም። ያቺ መምህርት ወረቀት ያሳጠፈቻቸው «በመንካት የሚማሩ» ልጆች ስላሏት አልነበረም። ክፍልፋይ እኩል መክፈል ስለሆነ፣ እኩል መክፈሉን ሁሉም ልጅ ማየት ስለነበረበት ነው።