ዩዝ ኬዝ ዲያግራም ምንድን ነው? በሞባይል ገንዘብ ላይ አክተርን ከሲስተም መለየት

ዩዝ ኬዝ ዲያግራም አንድ ሲስተም ለማን ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ስዕል ነው። አንድ ትልቅ ሳጥን ይሳላል፤ ሳጥኑ ሲስተሙ ነው። ውስጡ ሞላላ ክቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ክብ «ገንዘብ መላክ» ዓይነት አንድ ሥራ ነው፣ ዩዝ ኬዝ ይባላል። ከሳጥኑ ውጭ ደግሞ በጭረት የተሳሉ ሰዎች ይቆማሉ። እነሱ አክተሮች ናቸው። አክተሩን ከሚሠራው ሥራ ጋር መስመር ያገናኘዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስዕሉ ቀላል ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው የሳጥኑ መስመር የት ይለፍ ሲባል ነው።

እንደ ቴሌብር ያለ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ልንሠራ ነው እንበል። መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ የምንጽፈው ስም ብዙ ነገር ይወስናል። «የስልክ መተግበሪያ» ካልን፣ ሂሳብ የሚይዘው ሰርቨር ከውጭ ይቀራል፤ አክተር ሆኖ ይሳላል። «የሞባይል ገንዘብ ሲስተም» ካልን ግን ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል፣ ከስዕሉም ይጠፋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እኛ አገር *127# ደውሎ፣ በባለ ቁልፍ ስልክ ብር የሚልክ ሰው አለ። ሳጥኑ መተግበሪያው ብቻ ከሆነ ይህ ደንበኛ ቦታ የለውም።

ውስጥና ውጭን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ ነገር ቢበላሽ የእኛ ፕሮግራመሮች ኮድ ቀይረው ሊያስተካክሉት ይችላሉ? ዳታቤዙን ይችላሉ፤ ስለዚህ ውስጥ ነው፣ አክተር አይደለም። የባንኩን ሲስተም አይችሉም፤ ስለዚህ ውጭ ነው፣ ሰው ባይሆንም አክተር ነው። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋስ? ደመወዟን የሚከፍላት ድርጅቱ ነው፣ ግን ኮድ አይደለችም። ውጭ ትቆማለች። ጀማሪዎች በብዛት የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፤ የድርጅቱን ወሰንና የሲስተሙን ወሰን አንድ ያደርጉታል።

አሁን አንድ ሥራ ቀረብ ብለን እንይ፤ ከወኪል ብር ማውጣት። ደንበኛዋ ሱቅ ገብታ የወኪሉን ቁጥር ትጠይቃለች። ስልኳ ላይ ቁጥሩን፣ 500 ብርና ፒኗን ታስገባለች። ሲስተሙ ቀሪ ሂሳቧን ያያል፤ 500 ብሩን ወደ ወኪሉ ሂሳብ ያዛውራል፤ ለሁለቱም መልእክት ይልካል። ወኪሉ መልእክቱን አይቶ ከመሳቢያው ብር ቆጥሮ ይሰጣታል።

«ብር ቆጥሮ መስጠት» ክብ ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ? አይገባም። ሲስተሙ መሳቢያውን አያይም። እሱ የሚያውቀው ሂሳቡ መዛወሩን ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ነገር መዘዝ አላት። መልእክቱ «500 ብር ተቀብለዋል» ካለ ሲስተሙ ያላየውን እየመሰከረ ነው። ወኪሉ «ብር አልቋል፣ ነገ ነይ» ቢላትስ? ሲስተሙ ዘንድ ሁሉም ነገር አልቋል፤ ደንበኛዋ እጅ ግን ምንም የለም። የሳጥኑን መስመር በትክክል ያሰመረ ሰው «ቅሬታ ማስመዝገብ» እና «ዝውውር መመለስ» የሚሉ ሁለት ክቦች እንደሚጎድሉት ወዲያው ይታየዋል። የኋለኛው ከደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ ጋር በመስመር ይያያዛል።

ብር ማስገባት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደንበኛዋ ጥሬ ብሩን ትሰጣለች፤ ስልኩን የሚነካው ወኪሉ ነው። ሥራውን የሚጀምረው አክተር እሱ ነው ማለት ነው። ደግሞም ያው ባለሱቅ ማታ ለእህቱ ብር ሲልክ ወኪል አይደለም፣ ደንበኛ ነው። አክተር የሚሳለው በሚናው ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሊቆም ይችላል።

ሳጥኑን የሚያቋርጥ እያንዳንዱ መስመር ከእኛ ቁጥጥር ውጭ የሆነ ነገር እንዳለ ይነግረናል። «ወደ ባንክ መላክ» የሚለውን ክብ ከባንኩ ጋር ስናገናኝ፣ ባንኩ ዝም ቢልስ ብለን መጠየቅ ግድ ነው። ብሩ ከደንበኛዋ ሂሳብ ተቀንሷል፣ ከባንኩ መልስ የለም። ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ ላይደርስም ይችላል። ዝም ብለን ብሩን ብንመልስላትና ደርሶ ከነበረ ሁለቴ ከፈልን። ስለዚህ ዝውውሩ «በመጠባበቅ ላይ» ተብሎ ይያዛል፤ ማታ የሁለቱ ወገን መዝገብ ይመሳከራል። ያ ማመሳከር ራሱን የቻለ ክብ ነው። የሚያስነሳው ሰው ስለሌለ ከውጭ «ሰዓት» የሚባል አክተር ይሳልለታል፤ ልዩነት ሲገኝ የሚደርሰው ለሂሳብ ሠራተኛው ስለሆነ እሱም በሌላው ጎን ይቆማል።