ስታቲክ ድረ ገጽ ምንድን ነው? ለመጀመሪያ ትንሽ ሥራስ ከዎርድፕሬስና ከዌብሳይት ቢዩልደር የሚመረጠው መቼ ነው?

ስታቲክ ድረ ገጽ ማለት እያንዳንዱ ገጹ አስቀድሞ ተጽፎ በፋይል መልክ የተቀመጠ፣ ጎብኚ ሲጠይቅም ሰርቨሩ ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዳለ የሚልከው ድረ ገጽ ነው። የድረ ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሆነው ዎርድፕሬስ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ጽሑፉ በዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥና በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ጎብኚ ሲመጣ ከዳታቤዙ እያወጣ ገጹን ያዘጋጃል። እንደ ዊክስና ስኩዌርስፔስ ያሉት ዌብሳይት ቢዩልደሮች ደግሞ ባለቤቱ በብሮውዘሩ ላይ ጽሑፍና ሥዕል እየጎተተ ገጹን እንዲያቀናብር ያስችሉታል፤ ሰርቨሩንና ደኅንነቱን ድርጅቱ ራሱ ይይዛል፣ ለዚህም በየወሩ ወይም በየዓመቱ ያስከፍላል።

ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀል ይጠይቃል። ለመሥራት ከሆነ ቢዩልደሩ እንደሚቀል ጥርጥር የለውም። ሆኖም ድረ ገጽ የሚሠራው አንድ ጊዜ ሲሆን የሚቆየው ግን ለዓመታት ስለሆነ፣ ምርጫውን የሚወስነው ሥራው ካለቀ በኋላ ማን፣ ምኑን፣ በየስንት ጊዜው ይለውጣል የሚለው ነው።

ለምሳሌ በላሊበላ ስድስት ክፍሎች ያሉት አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ እንበል፤ ደሴ የሚኖር ዘመድም ድረ ገጽ እንዲሠራለት ተጠይቋል። የሚያስፈልጉት አራት ገጾች ናቸው፤ መነሻው፣ ክፍሎቹ ከነዋጋቸው፣ ከአየር ማረፊያው ወይም በመኪና ከደሴ አቅጣጫ እንዴት እንደሚመጣ የሚያስረዳው፣ በመጨረሻም ስልክና አድራሻ። ከእነዚህ ውስጥ የሚለወጠው ዋጋው ብቻ ነው፤ እሱም ለገና በዓል ከተማዋ በምእመናን ከመሞላቷ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምናልባት አንድ ጊዜ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሁለት ቁጥሮችን ለመቀየር ዳታቤዝ ማቆም፣ በእኔ አስተያየት፣ ትርፉ ድካም ነው።

ድካም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዎርድፕሬስ በራሱ ነጻ ቢሆንም ሆስቲንጉ፣ ማለትም ገጹ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ፣ በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ በቅናሽ ቀርቦ በሁለተኛው ዓመት ከፍ ማለቱም የተለመደ ነው። ክፍያው የውጭ ምንዛሬ የሚያስተናግድ ካርድ ሲጠይቅ፣ ካርዱ የሌለው ሰው የክፍያው ቀን በደረሰ ቁጥር የሚከፍልለት ሰው ፍለጋ ይወጣል። ቢዩልደርንም የሚያከብደው ይኸው ነው። በዎርድፕሬስ ላይ በተጨማሪ ፕሮግራሙን፣ የገጹን መልክ የሚወስነውን ቴምና በተለይም ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚገጠሙለትን ፕለጊኖች ሳያቋርጡ ማደስ ያስፈልጋል፤ ሰርጎ ገቦች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ባልታደሰ ፕለጊን በኩል ነውና። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ገጹን ከጉግል ላይ ተጭኖ ሲከፍት ወደማያውቀው የቁማር ወይም የመድኃኒት ማስታወቂያ ሲወስደው ነው። አድራሻውን ራሱ በቀጥታ ሲጽፍ ግን ገጹ ደህና መስሎ ሊታየው ስለሚችል፣ ወራት አልፈው እንግዳ ካልነገረው ላያውቅ ይችላል።

የስታቲኩ አሠራር ይህን ሁሉ አይጠይቅም። በአንድ ፎልደር ውስጥ `index.html` የተባለ የመነሻ ገጽ፣ ሌሎቹ ሦስት ገጾች፣ የገጾቹን መልክ የሚወስን አንድ `style.css` እና የፎቶዎች ፎልደር ይቀመጣሉ። የእያንዳንዱ ገጽ አናት የሚከተለውን መምሰል አለበት፦

```html
<!DOCTYPE html>
<html lang="am">
<head>
  <meta charset="utf-8">
  <meta name="viewport" content="width=device-width, initial-scale=1">
  <title>ክፍሎችና ዋጋ</title>
</head>
```

`charset` የሚለው መስመር ለእኛ ፊደል ወሳኝ ነው። እሱ ከተዘለለ ብሮውዘሩ ፊደሉን በግምት ሊያነብ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ሰ» የሚለው ፊደል `áˆ°` ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ዝብርቅርቅ የታየው ሰው ፎንት ከመፈለጉ በፊት ይህን መስመር ይመልከት፤ ፋይሉንም ሲያስቀምጥ በዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያረጋግጥ። ቀጥሎ ያለው የ`viewport` መስመር ከሌለ ደግሞ ገጹ በስልክ ላይ እንደ ጉንዳን በደቀቀ ጽሑፍ ይታያል።

ሁለተኛው የተለመደ ችግር ፎቶ ነው። በገዛ ላፕቶፕ ላይ በትክክል ሲታይ የነበረ ፎቶ ገጹ ከተጫነ በኋላ ባዶ ሳጥን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ስሙ በገጹ ውስጥ `kifil1.jpg` ተብሎ ተጽፎ ፋይሉ ግን `Kifil1.JPG` ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደ አንድ ሲቆጥር አብዛኞቹ ሰርቨሮች ግን ይለያሉ፤ ስለዚህ የፋይል ስሞችን ሁሉ በትንሹ ፊደል መጻፍ ይበጃል። መጠኑም ሊታሰብበት ይገባል፤ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ስፋቱ ወደ 1200 ፒክስል ሲቀነስ ግን ብዙውን ጊዜ ከ300 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። በሞባይል ዳታ ገጹን የሚከፍት እንግዳ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

ስታቲክ ገጽ የማይችለው ነገርም አለ። እንግዳው የሞላውን ቅጽ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ከጀርባው ስለሌለ፣ ክፍል ማስያዣ ቅጽ ብቻውን አይሠራበትም። ለስድስት ክፍል ግን ተጭነውት በቀጥታ የሚደውል የስልክ ቁጥርና የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም ሊንክ በቂ ነው፤ ባለቤቱ መልእክቱን የሚያየው ከኢሜይል ይልቅ በዚያ ስለሆነም ይሻላል እላለሁ።

ማስቀመጫን በተመለከተ፣ ክላውድፍሌር ፔጅስ ፎልደሩን እንዳለ ተቀብሎ በነጻ ያኖራል፤ በነጻው አገልግሎት አንድ ፋይል ከ25 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም፣ ይህም ለእንዲህ ያለ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ጊትሃብ ፔጅስም ነጻ ነው፤ ሆኖም ደንቡ የንግድ ሥራ ማካሄጃ እንዲሆን ስለማይፈቅድ ለማረፊያ ቤቱ አልመርጠውም። የሚከፈለው እንግዲህ የድረ ገጹ መጠሪያ አድራሻ ለሆነው ለዶሜይኑ ብቻ ይሆናል። ዶሜይኑ በዘመድየው ሳይሆን በማረፊያው ባለቤት ስምና ኢሜይል መመዝገብ አለበት፤ ዘመድየው ሥራ ሲቀይር ወይም አገር ለቅቆ ሲሄድ ስሙ አብሮት እንዳይሄድ ነው።

ጉዳዩ ኮምቦልቻ ያለ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር። ጸሐፊዋ በየሳምንቱ ማስታወቂያና የፈተና ፕሮግራም የምታወጣ ከሆነ፣ ኮድ ከፍታ እንድታስተካክል መጠየቅ ገጹን በሁለት ወር ውስጥ ያስረሳዋል። እዚህ ዎርድፕሬስ ዋጋ ያወጣል፤ የራሷን የመግቢያ ስምና «አርታኢ» የሚለውን የሥልጣን ደረጃ ብቻ ተሰጥቷት ትጽፋለች፣ ማደሱንም የሚከታተል አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደባል። ያ ሰው ከሌለና ክፍያውን ያለ ችግር የሚፈጽም ካለ ቢዩልደር ይሻላል።

ቢዩልደርን የሚመርጥ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ በዊክስ የተሠራ ገጽ እንዳለ ወጥቶ ሌላ ሆስቲንግ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ለመልቀቅ የፈለገ ሰው ጽሑፉን እየቀዳ ገጹን እንደገና ይሠራዋል፤ ስለዚህ ጽሑፎቹንና ዋናዎቹን ፎቶዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የስታቲኩ ገጽ ባለቤት ያንኑ ፎልደር ሌላ ቦታ ጭኖ ዶሜይኑን ወደዚያ ያዞራል።