ልጅ መቼ ነው የራሱን ኃጢአት የሚሸከመው? ከደሴ ክርስትና እስከ ባር ሚትስቫ

ደሴ ውስጥ ልጅ ጎረመሰ ተብሎ ድንኳን አይጣልም። ክርስትና ይደገሳል፣ ሠርግ ይደገሳል፤ መሃል ላይ ያለው ዘመን ዝም ብሎ ያልፋል። ግርዛቱም በጨቅላነት ስለሚያልቅ የጉርምስና ምልክት አይሆንም። ለዚህ ነው ፊልም ላይ የምናየው የአይሁድ ልጆች የ13 ዓመት ድግስ፣ ወይም የካቶሊክ ልጆች ጳጳስ ፊት የሚሰለፉበት ቀን እንግዳ የሚሆንብን። ድግሱ ባይኖርም ግን መስመሩ እኛም ጋ አለ። ከዛሬ ጀምሮ የልጁ ጥፋት በማን ላይ ይጻፋል የሚለው ነው መስመሩ።

ከኦርቶዶክሱ እንጀምር። ሌላው ዓለም «ኮንፈርሜሽን» የሚለው የሜሮን ምስጢር እዚህ አልጠፋም፤ ቀድሞ ነው ያለቀው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ከውኃው እንደወጡ ካህኑ ሜሮን ይቀባቸዋል፤ ማተብ ይታሰርላቸዋል፤ እዚያው ቅዳሴ ላይ ይቆርባሉ። ሃይማኖቱን የሚመሰክርላቸው የክርስትና አባት ወይም እናት ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አዋቂው ይመልሳል። ሜሮን ደግሞ አይደገምም። ስለዚህ ልጁ 15 ሲሞላው «አሁን ራስህ መስክር» ተብሎ የሚጠራበት ሥርዓት የለም።

ታዲያ መስመሩ የት ነው? በልማድ የመጀመሪያው ምልክት ሰባት ዓመት አካባቢ ይመጣል። ልጁ ፍልሰታን መጾም ይጀምራል። ነሐሴ ላይ ደሴ ብርድና ጭጋግ ነው፤ በዚያ ጭጋግ ነጠላ አጣፍተው ለቁርባን የሚሰለፉት አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ሁለተኛው ምልክት ግን የሚታየው በመቅረት ነው። ልጁ ድምፁ ሲጎረንን፣ ልጅቷ የወር አበባ ስታይ፣ ከዚያ ሰልፍ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ማንም አትምጡ አላላቸውም። እንዲያውም ሰባኪዎች በንስሐ ቀጥሉ እያሉ ይመክራሉ። ነገር ግን ሰውነቱ ንጹሕ አለመሆኑን የሚፈራ ጎረምሳ መቅረቱን ይመርጣል። ብዙዎቹ በቁርባን ካላገቡ ወይም ካላረጁ አይመለሱም። በእኔ ግምት ከተማችን ካላት የጉርምስና ሥርዓት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ስም ስለሌለው ብቻ ነው የማንቆጥረው።

ወደ መስጊዱ ስንሻገር ሥርዓት የለም፣ ሒሳብ ግን አለ። በእስልምና ልጅ ለአቅመ አዳም ደርሶ ባሊግ እስኪሆን ብዕሩ ከእሱ ላይ ተነስቷል፤ ኃጢአት አይጻፍበትም። በሰባት ዓመቱ ስገድ ይባላል፣ በአሥር ዓመቱ ጠበቅ ይደረግበታል። ይህ ግን ልምምድ ነው። ግዴታው የሚመጣው በሰውነት ምልክት ነው፤ ለወንድ የዘር ፈሳሽ፣ ለሴት የወር አበባ። ምልክቱ ከዘገየ በዕድሜ ይቆረጣል። ወሎ ውስጥ ከእስልምና የሕግ መንገዶች ሻፊዒም ሐነፊም አለ። ሻፊዒው 15 ዓመት ይላል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ራሳቸው ለወንድ 18፣ ለሴት 17 ቢሉም ሁለቱ ታላላቅ ደረሶቻቸው 15ን ይዘዋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። 15 ሲባል የጨረቃ ዓመት ነው። መስከረም 1 ቀን 2003 የተወለደ የደሴ ልጅ እንውሰድ። ያ ቀን የኢድ አልፈጥር ማግስት ነበር። ወላጆቹ በእኛ አቆጣጠር አስልተው «ገና መስከረም 2018 ነው 15 የሚሞላው» ቢሉ ተሳስተዋል። 15 የጨረቃ ዓመት ወደ 5,315 ቀን ነው። ስለዚህ መጋቢት 22 ቀን 2017 ሞልቶታል፤ እሱም የኢድ ማግስት ነበር። በእኛ ቆጠራ ልጁ ገና 14 ዓመት ከስድስት ወሩ ነው። ሌላ ምልክት ካልቀደመው የ2017ቱ ረመዳን አልተጻፈበትም፤ ማለፉ ነው። ከኢዱ ማግስት ጀምሮ ግን አምስቱ ሶላት ዕዳው ናቸው። እስከ መስከረም ቢጠብቁት የአምስት ወር ሶላት ይከማችበታል።

የልጃገረዶቹ ስህተት ከዚህ ይከፋል። 12 ዓመቷ ላይ የወር አበባዋ ይመጣል፤ አፍራ ትደብቃለች። ቤተሰብ እንዳያውቅባት ከሁሉም ጋር ትጾማለች። በእነዚያ ቀናት የጾመችው አይቆጠርላትም፤ በኋላ ቀን ተክታ ቀዷ ማውጣት አለባት። ይህን ሳታውቅ ዓመታት የምታሳልፍ ብዙ ናት። እናት ወይም አክስት ረመዳን ሳይገባ አንድ ቀን ለብቻዋ ይዘው ቢያወሯት ነገሩ ያልቃል። ቁርኣን ያኸተመ ልጅ የሚደገስለት ሰደቃ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በስምንት ዓመቱ የሚያኸትም አለ፣ በ14ም የሚያኸትም አለ። ደስታው ለትምህርቱ ነው፤ ባሊግ አያደርገውም።

ይህን ከያዝን የአይሁዱ ባር ሚትስቫ አያስቸግርም። ብዙ ሰው ከኮንፈርሜሽን ጋር ያዛምደዋል፤ የሚቀርበው ግን ለባሊግነት ነው። ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው፣ ሴት ልጅ 12 ሲሞላት ትእዛዛቱ ሁሉ ይጸኑባቸዋል። ድግስ ቢኖርም ባይኖርም፣ ምኩራብ ቢሄዱም ባይሄዱም ቀኑ ራሱ ያደርገዋል። የሚቆጠረውም በአይሁድ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ለጋራ ጸሎት ከሚያስፈልጉት አሥር ወንዶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በሥራ ቀን ጠዋት ተፊሊን ያስራል፤ ጥቅስ የተጻፈበት ብራና የያዙ ሁለት ጥቁር የቆዳ ሳጥኖች ናቸው፣ አንዱ ክንድ ላይ አንዱ ግንባር ላይ።

እኛ ፊልም ላይ የምናየው ሥነ ሥርዓት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የዳበረ ነው። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በሰንበት ወደ ቶራው ጥቅልል ይጠራል። ቡራኬውን ይላል፣ ከዚያ ከነቢያት የተመረጠውን ክፍል በዜማ ያነባል። ጥቅልሉ አናባቢም የዜማ ምልክትም የለውም። ቶራውን ራሱ የሚያነብ ልጅ ያንን ሁሉ በቃሉ መያዝ አለበት። ስለዚህ ወራት ይለማመዳል፤ በድጓ ያለፈ ሰው ይህን ይረዳዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አባትየው የሚላት አጭር ቡራኬ ናት። ከዚህ ልጅ ቅጣት ነፃ ያወጣኝ ይባረክ ይላል፣ በሕዝብ ፊት። ጎንደር አካባቢ የኖሩት ቤተ እስራኤል ይህ ሥርዓት አልነበራቸውም፤ የለመዱት ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው።

ኮንፈርሜሽን ግን ከሁለቱም ይለያል፤ ቀኑ ብቻውን ምንም አያደርግም። በላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ዘንድ ልጁ ይማራል፣ ጳጳሱ ግንባሩን በሜሮን ይቀባዋል። ሕጉ ሰባት ዓመት አካባቢ ቢልም ብዙ አገር ወደ ጉርምስና ገፍቶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የባሕር ዳር ደሴ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ግን የግዕዝ ሥርዓት ተከታይ ነው። የምሥራቅ ካቶሊኮች ሕግ ደግሞ ሜሮኑን ከጥምቀት ጋር ያያይዘዋል፤ እንደ ኦርቶዶክሱ ማለት ነው።

ሉተራውያን ምስጢር አይሉትም። እነሱ ዘንድ በሕፃንነት የተጠመቀ ልጅ ካቴኪዝም ተምሮ፣ በምዕመናን ፊት ተጠይቆ፣ ያኔ የክርስትና አባቱ የመለሰለትን በራሱ አፍ ይመልሳል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የዚህ ወግ ወራሽ ናት። በብዙ የሉተራውያን አጥቢያዎች ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጌታ እራት የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነበር። የእኛው ጎረምሳ ከቁርባኑ ሰልፍ በሚወጣበት ዕድሜ ማለት ነው።