ሰርኩላር፣ ማብራሪያና ማንዋል፦ በወሎ መሥሪያ ቤቶች ያላቸው ሕጋዊ አቋም

ሰርኩላር አንድ የበላይ መሥሪያ ቤት በሥሩ ላሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚበትነው ደብዳቤ ነው። ማብራሪያ፣ ማንዋል፣ የአሠራር ሥርዓት፣ የአፈጻጸም አቅጣጫ እየተባሉ የሚወጡትም ከዚሁ ወገን ናቸው። አንዳቸውም አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ አይደሉም። ሆኖም ባለጉዳይ በመስኮት ሲስተናገድ በአብዛኛው የሚገጥመው አዋጁ ሳይሆን እነዚህ ናቸው። ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ደብዳቤው ነው፤ አዋጁ ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ ነው።

በወሎ የተለመደው መንገድ ከባሕር ዳር ይጀምራል። የክልሉ ቢሮ ለዞን መምሪያ ይጽፋል፣ መምሪያው ለወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤቱም ለቀበሌ ያወርዳል። በየደረጃው አዲስ ሽኝት ደብዳቤ፣ አዲስ የወጪ ቁጥርና አዲስ ማኅተም ይጨመርበታል። ደሴ ከጠቅላይ ግዛቱ ዘመን ጀምሮ የአስተዳደር መቀመጫ በመሆኗ የመዝገብ ቤት ሥራ ሥር የሰደደባት ከተማ ናት፤ ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ በዋዛ አይታለፍም።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 መታተም ሲጀምር ሕግና የአስተዳደር ደብዳቤ ቢያንስ በወረቀት ተለያዩ። በደርግ ዘመን ደግሞ ከመሬት አዋጁ (ቁጥር 31/1967) ቀጥሎ ገጠሩን ያስተዳደረው በአብዛኛው የጽሑፍና የቃል ትእዛዝ ነበር።

ሥልጣኑ ከየት ይመጣል?

በአማራ ክልል አዋጅ የሚያወጣው የክልሉ ምክር ቤት፣ ደንብ የሚያወጣው የመስተዳድር ምክር ቤቱ ነው፤ ሁለቱም በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማሉ። ቢሮዎች መመሪያ ማውጣት የሚችሉት አዋጁ ወይም ደንቡ ሥልጣን ሲሰጣቸው ነው። ሰርኩላር ለማውጣት ግን የተለየ ውክልና አያስፈልግም፤ አለቃ ሠራተኛውን የማዘዝ ሥልጣን ስላለው ብቻ ይጽፋል። የሰርኩላር ጥንካሬም ድክመትም ከዚሁ ይመነጫል። የበታች ሠራተኛን ለማዘዝ በቂ ነው፤ የአለቃው ሠራተኛ ያልሆነውን ሰው ለማዘዝ ግን አይበቃም።

የዞኖች ነገር እዚህ ላይ መታየት አለበት። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ የክልሉ አስተዳደር እርከኖች እንጂ የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው አይደሉም። ስለዚህ የደሴ ወይም የወልድያ ዞን መምሪያ የሚያወጣው ደብዳቤ በባለጉዳይ ላይ አዲስ ግዴታ የሚጥል ከሆነ የሚቆምበት መሠረት የለውም። መቀመጫውን ከሚሴ ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት ስላለው ሁኔታው ይለያል። እዚያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ከባሕር ዳር በአማርኛ የመጣ ሰርኩላር ሲተረጎም «ይችላል» የነበረው «አለበት» እንዳይሆን ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይገባል።

አዋጅ ቁጥር 1183/2012 እና ወሰኑ

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በዚህ ርእስ ላይ ከወጡት ሕጎች ሁሉ ግልጹ ነው። አዋጁ መመሪያን የሚለየው በርእሱ አይደለም። አንድ የአስተዳደር ተቋም ከሕግ አውጪው በተሰጠው ውክልና አውጥቶት የሰዎችን መብትና ጥቅም የሚነካ ሰነድ መመሪያ ነው። ተቋሙ ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል፣ ከዚያም በፍትሕ ሚኒስቴር ማስመዝገብና በድረ ገጽ መጫን አለበት። ያልተመዘገበና ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም።

ከዚህ የሚከተለው ለሰርኩላር ወሳኝ ነው። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት «ሰርኩላር» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ በይዘቱ አዲስ ግዴታ የሚፈጥር ከሆነ ሁለት ዕጣ ብቻ አለው። ወይ መመሪያ ነው፣ ስለዚህ ሳይመዘገብ አይሠራም፤ ወይም መመሪያ አይደለም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያውም ባለጉዳዩን ማሰር አይችልም። ስሙን መቀየር ከሁለቱም አያድነውም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት የሬኔ ዳቪድ አገር ፈረንሳይም በዚህ መንገድ አልፋለች። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ1954 እ.ኤ.አ. ሕግን የሚተረጉመውን ሰርኩላር አዲስ ደንብ ከሚፈጥረው ለየ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ አስገዳጅ ቃል የያዘ ሰርኩላር ሁሉ ሊከሰስበት ይችላል አለ።

አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። ስለዚህ ደሴ ያለ ነጋዴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚለያዩ ሁለት ከተሞች ሁለት ሥርዓት ይገጥመዋል። የኮምቦልቻ ጉምሩክ ቅርንጫፍ የፌዴራል ስለሆነ ከዚያ የተሰጠው ደብዳቤ በ1183 ይመዘናል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም የፍትሕ ሚኒስቴር የምዝገባ ቁጥር አለው ወይ የሚል ነው። የደሴ ንግድ ጽሕፈት ቤት ግን የክልል አካል በመሆኑ ሰርኩላሩ የሚመዘነው በክልሉ ሕግና የሕገ መንግሥቱን የበላይነት በሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ነው። የክልል ቢሮ የፌዴራል ሥራን በውክልና ሲሠራ 1183 ይከተለዋል ወይ በሚለው ላይ የሕግ ባለሙያዎች ሊለያዩ ይችላሉ፤ አዋጁ ተቋሙን እንጂ ሥራውን ስለማይጠቅስ አይከተለውም የሚለው ለጊዜው የሚያመዝን ይመስላል።

አንድ ደብዳቤ ሲነበብ

ሰርኩላር በጥቅሉ «ያስገድዳል» ወይም «አያስገድድም» ማለት ስሕተት ነው። የሚነበበው በዓረፍተ ነገር ነው። ለማሳያ ያህል የተዘጋጀ አንድ ደብዳቤ እንውሰድ፤ ለሁሉም የንግድ ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ሲሆን «ጉዳዩ፦ የንግድ ፈቃድ እድሳትን ይመለከታል» ይላል። ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ የግብር ክሊራንስ ያላቀረበ አይታደስለት። ሁለተኛ፣ የእድሳት ማመልከቻ በአንድ መስኮት ብቻ ይስተናገድ። ሦስተኛ፣ የልማት መዋጮ የከፈለበትን ደረሰኝ ያላቀረበ አይታደስለት።

የመጀመሪያው ነጥብ ያስገድዳል፤ የሚያስገድደው ግን ደብዳቤው አይደለም። ክሊራንስ የሚጠይቀው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 980/2008) ከታክስ ሕጉ ጋር ሆኖ ነው። ደብዳቤው ነገ ቢሻር ግዴታው ይቀጥላል። ስለዚህ ነጋዴው ይህን ነጥብ ተቃውሞ ጊዜ ማጥፋት የለበትም።

ሁለተኛው ያለ ምንም ተጨማሪ ሕግ ይሠራል፤ የሚያዘው ግን ሠራተኛውን ነው። ባለሙያው ሁለተኛ መስኮት ከፍቶ ቢያስተናግድ በዲሲፕሊን ሊጠየቅ ይችላል። በዚያ መስኮት የታደሰው ፈቃድ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ፈራሽ አይሆንም፤ ነጋዴው የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ አሠራር እንዲያውቅ አይጠበቅበትም።

ሦስተኛው ግን ገንዘብ ይጠይቃል፣ ካልተከፈለም መብት ይከለክላል። ይህን የሚፈቅድ አዋጅ ወይም ደንብ ካልተጠቀሰ ደብዳቤው ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። መዋጮ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ነው፤ የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ስሙ ምንም ቢሆን ክፍያ ነው። እንዲህ ያለው ነጥብ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሕጋዊ ነጥቦች ቀጥሎ ስለሚጻፍ የእነሱን ክብደት ይዋሳል፤ ባለሙያውም ሳያስተውለው ያስፈጽመዋል።

ነጋዴው ማድረግ የሚገባው ቅደም ተከተል አለው። ክሊራንሱን ጨምሮ ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ አሟልቶ በጽሑፍ ያመለክታል፣ ማመልከቻውንም በመዝገብ ቤት አስገብቶ የገቢ ቁጥር ያስጽፋል። እድሳቱ ከተከለከለ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቃል። «ሰርኩላር አለ» የሚል የቃል መልስ ለቅሬታም ለክስም አይመችም፤ የሰርኩላሩ ቁጥርና ቀን ያለበት የጽሑፍ መልስ ግን ለሁለቱም ይበቃል። ከዚያ ቅሬታው ለኃላፊው፣ ቀጥሎም ለቅሬታ ሰሚ አካል ይቀርባል። በቅሬታው «ሰርኩላሩ ኢፍትሐዊ ነው» ከማለት «ነጥብ ሦስት የትኛውን አንቀጽ መሠረት እንዳደረገ አልተገለጸም» ማለት ይሻላል። ኃላፊው አንቀጹን ከጠቀሰ ክርክሩ በአንቀጹ ላይ ይሆናል፤ ካልጠቀሰ መልሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

መሥሪያ ቤቱን ራሱን ሲያስር

ሰርኩላር ባለጉዳዩን ባያስርም ጻፊውን ሊያስር ይችላል። ግልጹ ምሳሌ የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በአዋጁ ሥርዓት መሠረት ለሕዝብ ያወጣው የታክስ ሕግ ትርጓሜ እስኪሻር ድረስ ሚኒስቴሩንና ግብር ሰብሳቢውን ባለሥልጣን ያስራል፤ ግብር ከፋዩን አያስርም። ግብር ከፋዩ ትርጓሜው ከጠቀመው ይዞት ይቀርባል፣ ካልጠቀመው ሕጉ የሚለው ሌላ ነው ብሎ መከራከር ይችላል። ከዚህ ውጪ ላሉ ሰርኩላሮች እንዲህ ያለ ግልጽ ድንጋጌ ባይኖርም፣ በአንድ ሰርኩላር አንዱን አስተናግዶ በተመሳሳይ ጉዳይ ሌላውን መመለስ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 የእኩልነት መርሕ ጋር ይጋጫል።

የሚበላሽበት ቦታ

በጣም የተለመደው ጉድለት ያረጀ መሠረት ነው። አዋጁ ተሽሮ ሰርኩላሩ ይቀራል። ይህ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይታወቃል፦ በንግድ ጉዳይ 686/2002ን፣ በካሳ ጉዳይ 455/1997ን፣ በፌዴራል የገጠር መሬት ሕግ 456/1997ን የሚጠቅስ ደብዳቤ የተሻረ አዋጅ ላይ ቆሟል። በቦታቸው በቅደም ተከተል 980/2008፣ 1161/2011 እና 1324/2016 ተተክተዋል። በክልሉ የገጠር መሬት ጉዳይም ከአዋጅ 252/2009 በፊት የተጻፈው ሁሉ ከአዲሱ አዋጅ ጋር መነጻጸር አለበት። ሰርኩላሩ ወዲያው ዋጋ ያጣል ማለት አይደለም፤ አዲሱ ሕግ ያንኑ ነጥብ ከደገመው ይሠራል፣ ካልደገመው ግን የሚይዘው የለም።

ሁለተኛው ጉድለት በመንገድ ላይ የሚደርሰው ነው። ከቢሮ ሲወጣ «ከተቻለ ይጣራ» የነበረው በዞን ሽኝት «ይጣራ»፣ በወረዳ ሽኝት «ሳይጣራ እንዳይስተናገድ» ሆኖ ቀበሌ ይደርሳል። አባሪው ብዙ ጊዜ ከሽኝቱ ይለያል። ስለዚህ ከቀበሌ የተሰጠ ቅጂ ብቻውን አይበቃም፤ የሽኝቱ አናት ላይ የተጠቀሰውን የቢሮውን ቁጥርና ቀን ይዞ ዋናውን መፈለግ ያስፈልጋል።

ዋናውን ለማግኘት የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይረዳል። መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩባቸውን መመሪያዎችና ማንዋሎች ለሕዝብ እንዲያወጡ ያዛል፤ የመረጃ ጥያቄ ሲቀርብላቸውም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ያስገድዳል። ጥያቄው በጽሑፍ መቅረቡ ከመልሱ ያላነሰ ይጠቅማል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት ሰነዱ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቀርብ ማስታዘዝ ይቻላል። አመልካቹ ግን ሰነዱ ለክርክሩ ጠቃሚ መሆኑንና በራሱ መንገድ ያለ ብዙ መዘግየት ወይም ወጪ ሊያገኘው እንዳልቻለ በቃለ መሐላ ማሳየት አለበት፤ ቀደም ሲል የገቢ ቁጥር የተጻፈበት ያልተመለሰ ማመልከቻ ለዚህ ይሆናል።