ቀድሞ የመጣ ሁሉ ለምን ቀድሞ አይታይም? ስለ ትሪያጅ ወረፋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካርዴ አራት ቁጥር ነው፤ እሷ አሥራ ሁለተኛ ሆና እንዴት ትቀድመኛለች? ሰው በመጣበት ተራ ነው መታየት ያለበት።»

በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ማለትም ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው አስቸኳይነት በሚለዩበት ቦታ፣ የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን ቅሬታ በተለይ ሰኞ ጠዋት እሰማዋለሁ፤ ከአዘዞ፣ ከማራኪና ከዙሪያው ገጠር የመጣው ሰው አግዳሚውን ሞልቶ በረንዳው ላይ የሚቆምበት ቀን ነውና። ቅሬታው ከክፋት የመነጨ አይደለም። በወፍጮ ቤትም ሆነ በታክሲ ሰልፍ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ መስተናገዱ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ በመጠበቁ የሚያጣው አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ እርሱም ጊዜው ነው። በጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ግን አንዱ አንድ ሰዓት ሲጠብቅ የሚያጣው ያንኑ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ አጠገቡ የተቀመጠው በዚያው ሰዓት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አሥራ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ እንበል፤ የሚመረምረው አንድ ጤና መኮንን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ታካሚም 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። አሥራ ሁለተኛዋ 26 ዓመቷ ነው፤ ከእምብርቷ በታች ያማታል፣ የወር አበባዋ ከቀረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ስትነሣም ያዞራታል። በመጣችበት ተራ ብትጠብቅ ከፊቷ ያሉት አሥራ አንዱ እስኪያልቁ 110 ደቂቃ ትቀመጣለች። እሷ ወደ ፊት ብትመጣ ግን በእነዚያ በአሥራ አንዱ ላይ 10፣ 10 ደቂቃ ይጨመራል። አሥራ አንድ ጊዜ 10 ያው 110 ነው። ስለዚህ ተራውን መቀየር በአዳራሹ ያለውን ጠቅላላ የጥበቃ ጊዜ አይጨምርም፣ አይቀንስምም፤ የሚወስነው ያ ጊዜ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው 10 ደቂቃ ማለት ትንሽ መሰላቸት ነው። ለዚህች ሴት ግን፣ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ተፈጥሮ የማህፀን ቱቦዋ ተቀድዶ ከሆነ፣ 110 ደቂቃ ማለት ደሟ ወደ ሆዷ ውስጥ ሲፈስ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው በጤና ጣቢያ ሳይሆን በሆስፒታል ነው፤ እኛ ዘንድ የባከነው ደቂቃ ሁሉ በአምቡላንሱ መንገድ ላይ ተደምሮ ይቆጠራል።

በመጡበት ተራ መታየት ጨርሶ አልተሻረም። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት የአስቸኳይነት ደረጃ ላይ ከሆኑ፣ ቀድሞ የመጣው ይቀድማል። ካርድ ቁጥር አራት የያዙት ጋሼ ከእሳቸው እኩል ደረጃ ያለው ሰው ቢያልፋቸው መቆጣታቸው ተገቢ ነው፤ እኔም ስሕተቴን ማረም ይኖርብኛል።

«የሚጮኸው እኮ ነው የባሰበት። እሷ ዝም ብላ ተቀምጣለች።»

ከዚያች ሴት አጠገብ ጥርሱን የሚያመው ጎልማሳ ጉንጩን ይዞ እየተቁነጠነጠ «ኧረ ሞትኩ!» ይላል እንበል። አዳራሹ በሙሉ የሚያየው እሱን ነው። ለትሪያጅ ሠራተኛ ግን ድምፅ አንድ ነገር ያረጋግጥለታል፤ የሚጮኸው ሰው አየር መንገዱ ክፍት እንደሆነ፣ ለመጮኽ የሚበቃ ትንፋሽ እንዳለውና ራሱን እንዳልሳተ። ቀሪውን ለማወቅ መቁጠርና መለካት ያስፈልጋል።

በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሌሎች አገሮችም የሚሠራበት አንድ የትሪያጅ መለኪያ ለአዋቂዎች ሰባት ነገሮችን ይመለከታል፤ ሰውየው እየሄደ ነው ወይስ ተደግፎ ወይስ ተሸክመውት የመጣው፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል፣ የልብ ምቱ ስንት ነው፣ የላይኛው የደም ግፊቱ፣ የሰውነቱ ሙቀት፣ ንቃቱ፣ እና ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ። ለእያንዳንዱ ነገር ከመደበኛው በራቀ ቁጥር ከፍ የሚል ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ነው፣ ሕክምናው በዚያችው ቅጽበት ይጀመራል። 5 ወይም 6 ብርቱካናማ ነው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ። 3 ወይም 4 ቢጫ ነው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ከዚያ በታች አረንጓዴ ሲሆን በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት።

የጥርስ ታማሚው በእግሩ መጥቷል፣ 0። በደቂቃ 18 ጊዜ ይተነፍሳል፣ 1። የልብ ምቱ 104 ነው፣ 1። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ድምሩ 2 ስለሆነ በነጥብ ብቻ ቢታይ አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ ሕመም ግን በዚህ መለኪያ ራሱን ችሎ ደረጃ ያስነሣል፣ ስለዚህም በመካከለኛ ሕመሙ ወደ ቢጫ ከፍ ይላል። ጩኸቱ አልተናቀም ማለት ነው። አሁን ወደ ሴቲቱ እንመለስ። እህቷ ደግፋት መጥታለች፣ 1። በደቂቃ 24 ጊዜ ትተነፍሳለች፣ 2። የልብ ምቷ 124 ነው፣ 2። የላይኛው የደም ግፊቷ 104 ስለሆነ 0፤ ሙቀቷ 36.4፣ ንቁ ናት፣ ጉዳት የለባትም። ድምሩ 5፤ ብርቱካናማ።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው የደም ግፊቷ ነው፤ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ወጣት ሰው ደም ሲፈስሰው ልቡ በፍጥነት እየመታ፣ የእጅና የእግሩ የደም ሥሮችም እየጠበቡ ግፊቱን ይዘው ያቆዩታል፤ ከደሙ ሩብ ያህሉን እስኪያጣ ድረስ እንኳ የላይኛው ግፊት ላይወርድ ይችላል። ግፊቱ መውረድ የጀመረ ዕለት ሰውነቱ መቋቋም አቅቶታል ማለት ነው። ስለዚህ «ግፊቷ ደኅና ነው፣ ትጠብቅ» የሚለው ውሳኔ በትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ነው። ዝምታዋም ቢሆን የትዕግሥት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ እጇ ቀዝቅዞ ግንባሯን ካላባት፣ የዝምታው ምክንያት የአቅም ማጣት ነው።

በሕፃናት ላይ ይህ የበለጠ ይከፋል። የሚያለቅስ ሕፃን አዳራሹን ይረብሻል፤ ተቅማጥና ትውከት አድክሞት በእናቱ ጀርባ ላይ አንገቱን ጥሎ የተኛው ግን «እንኳን ተኛልኝ» ይባላል። እንዲህ ያለው ሕፃን ሲጠሩትና ሲነካኩት ካልነቃ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ከ2 ሰከንድ በላይ ቆይቶ ከተመለሰ፣ ወረፋ የለውም፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይገባል። እናቶችን «ከጀርባሽ አውርጂው፣ ፊቱን ልየው» የምለው ለዚህ ነው።

«ካርድ ሳይወጣ ማን ያየኛል?»

ትሪያጁ ከካርድ ክፍሉ መስኮት በፊት መሆን አለበት። ከመስኮቱ በኋላ ከሆነ፣ ከላይ ያልነው ምርጫ ሁሉ የሚጀምረው ታካሚዋ በካርድ ሰልፉ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆመች በኋላ ነው፤ ያ ሰልፍ ደግሞ የሚሄደው በመጡበት ተራ ብቻ ነው። የጤና መድን ደብተር መፈለግ፣ የድሮ ካርድ ማስወጣት፣ መክፈል፣ ይህ ሁሉ አስታማሚው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ብቻውን የመጣ ሰው ከሆነም ካርዱ በኋላ ይወጣል። የበሽተኛው ቦታ በመጀመሪያ የትሪያጁ ጠረጴዛ ነው።

«አንዴ ቢጫ ከተባልኩ ቢጫ ነኝ።»

ቀለሙ የሚናገረው ስለተለካበት ደቂቃ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት፣ ቀድሞ በነበርኩበት ጤና ጣቢያ፣ ሳልና ትኩሳት ይዟቸው ከልጃቸው ጋር የመጡ አንድ አባት ነበሩ። እየሄዱ ገቡ፤ ትንፋሻቸው 20፣ የልብ ምታቸው 98፣ ሙቀታቸው 38.7 ነበር። ለትንፋሹ 1፣ ለሙቀቱ 2፣ ድምሩ 3፤ ቢጫ አልኳቸው፣ ትክክልም ነበር። ከዚያ አዳራሹ ሞላና ሳላያቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። ልጃቸው መጥታ «ሲስተር፣ አባቴ ስሜ ጠፋበት» አለችኝ። ስለካቸው ትንፋሻቸው 32፣ የልብ ምታቸው 118 ሆኗል፤ ይዘባርቃሉ፣ ያለ ደጋፊም አይቆሙም። ለትንፋሹ 3፣ ለልብ ምቱ 2፣ ለሙቀቱ 2፣ ለመዘባረቁ 2፣ ለመደገፋቸው 1፤ ድምሩ 10። የሳንባ ምች ነበር። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ተረፉም። ያዳናቸው ግን የእኔ መለኪያ ሳይሆን የልጃቸው ዓይን ነው።

ከዚያ ወዲህ የተመደበለት ጊዜ ያለፈበትን ሰው ሁሉ ሳልለካው አላልፍም፤ አረንጓዴዎቹንም ቢሆን እየዞርኩ አያቸዋለሁ። አስታማሚም ልጅቷ እንዳደረገችው መናገር እንጂ ዝም ማለት የለበትም። ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ንግግር ሲዛባ፣ ሕመሙ ቦታ ሲቀይር ወይም በድንገት ሲብስ ወደ ጠረጴዛው መጥቶ መናገር ተራ መስበር አይደለም። «ቆየሁ፣ ደከመኝ» የሚለው ቀለሙን አይቀይረውም፤ «ሲቀመጥ ደኅና ነበር፣ አሁን ሊነሣ አቃተው» የሚለው ግን ወዲያው እንድለካው ያደርገኛል።

«አረንጓዴ ማለት እስኪመሽ ተቀመጥ ማለት ነው።»

ይህ አመለካከት ግማሽ እውነት አለው፤ ስለዚህም በጥንቃቄ መመለስ ይገባል። አንድ መርማሪ በሰዓት ስድስት ሰው የሚያይ ከሆነና በየሰዓቱ ስድስት ቢጫና ብርቱካናማ ከመጣ፣ አረንጓዴው ወረፋ አንድ እርምጃ አይራመድም። ከሁሉም በላይ አስቸኳይ የሆነውን ማስቀደም በራሱ ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ እንዲያውም ችግሩን የሚፈጥረው እሱ ነው። የ4 ሰዓቱ ገደብ የተቀመጠው አረንጓዴውም ሰው መብት ስላለው ነው፤ ገደቡ በተደጋጋሚ የሚታለፍ ከሆነ የጎደለው የታካሚው ትዕግሥት ሳይሆን የሠራተኛ ቁጥር ነው።

በተግባር የሚረዳው አረንጓዴዎቹን ከዚያ ወረፋ ማውጣት ነው። ቁስል ለማሠር፣ የደም ግፊት መድኃኒት ለማስቀጠል ወይም ስፌት ለማስፈታት የመጣ ሰው ጤና መኮንኑን መጠበቅ የለበትም፤ አንድ ነርስ በሌላ ክፍል በአምስት ደቂቃ ታሰናብተዋለች። በእኛ ጤና ጣቢያ ይህ ክፍል ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ይከፈታል። በእነዚህ ሁለት ቀናት ካርድ ቁጥር አራት የያዙት ጋሼ ስፌታቸውን አስፈትተው ሲወጡ፣ አሥራ ሁለተኛዋ ሴት ገና በደም ሥሯ ፈሳሽ እየተሰጣት አምቡላንሱን እየጠበቀች ሊሆን ይችላል።